አንድ ኢነርጂ፣ ሁለት ሂሳብ

መብራት ሲጠፋ በባትሪና በርካሽ ኢንቨርተር ለሚጠቀም ቤተሰብ አንድ ነገር ግራ ያጋባል። ውሃ ማፍያው እንደ ወትሮው ውሃውን ያፈላል። ፍሪጁ ግን ያልተለመደ እዝዝታ ያሰማል፤ ሞተሩም ከወትሮው በላይ ይግላል። ሁለቱም የተሰኩት አንድ መስመር ላይ ነው፤ የኢንቨርተሩ ወረቀትም 220 ቮልት ይላል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ቢሆንም ለውሃ ማፍያው ሙሉ የሆነው ኤሌክትሪክ ለሞተሩ ሙሉ አይደለም።

መልሱ ያለው በሞገዱ ቅርፅ ውስጥ ነው። ከኃይል ማመንጫ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ በለስላሳ ኩርባ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይህ ኩርባ ሳይን ሞገድ ይባላል። ርካሽ ኢንቨርተር ግን ኩርባውን አይሠራም። ቮልቴጁን በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ያወጣና እዚያው ያቆየዋል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ወደ ታች ይገለብጠዋል። በስክሪን ላይ ሲታይ ማዕዘኑ ስለታም ስለሆነ ካሬ ሞገድ ይሉታል። ጥያቄያችን እንግዲህ ይህ ነው፦ ካሬው ሞገድ ከሚሸከመው ኢነርጂ ውስጥ ስንት እጁ ሞተሩ በሚፈልገው 50 ኸርዝ ላይ ነው? ቀሪውስ የት አለ?

ይህን ለመመለስ የሚያስችለው ሕግ የተሰየመው ማርክ አንቷን ፓርስቫል በተባለ ፈረንሳዊ ነው። ፓርስቫል በ1799 ለፓሪሱ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ ሐሳቡን ያሰፈረው ያለ ማረጋገጫ ነበር፤ እውነትነቱ በራሱ ግልጽ መስሎት ነው። ሰውየው ንጉሣዊ ስለነበር በአብዮቱ ዘመን ታስሯል፤ በኋላም በናፖሊዮን ላይ በጻፈው ግጥም ምክንያት እንዲያዝ ሲታዘዝ ከአገሩ ሸሽቷል። ለአካዳሚው አባልነት አምስት ጊዜ ታጭቶ አንድም ጊዜ አልተመረጠም። ሐሳቡ ለሞገዶች የሚሰጠው ጥቅም የታየው ጆሴፍ ፉሪየ በ1822 ስለ ሙቀት ባሳተመው መጽሐፍ ማንኛውንም ተደጋጋሚ ሞገድ የሳይን ሞገዶች ድምር አድርጎ መጻፍ እንደሚቻል ካስተማረ በኋላ ነው።

ሕጉ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው። የአንድን ሞገድ ኢነርጂ በሁለት መንገድ መቁጠር ይቻላል። አንደኛው፣ ሞገዱ በእያንዳንዷ ቅጽበት የሚሰጠውን ከዜሮ ሰዓት ጀምሮ እየደመሩ መሄድ ነው። ሁለተኛው፣ ሞገዱን ወደተሠራባቸው ድግግሞሾች በትኖ የእያንዳንዱን ድርሻ መደመር ነው። አንድ ነጋዴ የቀኑን ገቢ በሰዓት ቅደም ተከተልም ደመረው፣ በዕቃ ዓይነትም ደመረው ድምሩ አንድ መሆን እንዳለበት ሁሉ፣ ሁለቱ ሂሳቦች እኩል መውጣት አለባቸው። ሆኖም የነጋዴው ሂሳብ እኩል የሚወጣው እያንዳንዱ ብር አንዴ ብቻ ስለሚቆጠር ነው። በሞገድ ላይ ግን ነገሩ ያን ያህል ግልጽ አይደለም፤ ምክንያቱን ለማየት ማረጋገጫውን ደረጃ በደረጃ መሥራት ይገባል።

ከኢነርጂው እንጀምር። አንድ ማሞቂያ ላይ ቮልቴጅ ሲጫን በቅጽበቱ የሚወጣው ኃይል የቮልቴጁ ስኩዌር ለማሞቂያው ሬዚስታንስ ተካፍሎ ነው። ስለዚህ ወሳኙ ነገር ቮልቴጁ ራሱ ሳይሆን ስኩዌሩ ነው። ቮልቴጁ ወደ ታች ሲገለበጥም ስኩዌሩ ፖዘቲቭ ሆኖ ስለሚቀር ማሞቂያው መሞቁን አያቆምም። የአንድ ሙሉ ዙር ኢነርጂ ማለት እንግዲህ የስኩዌሩ አማካይ ለሬዚስታንሱ ተካፍሎ በዙሩ ርዝመት ሲባዛ ነው። በ50 ኸርዝ አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል።

አሁን ሁለት ሳይን ሞገዶችን ብቻ እንደምር፤ አንደኛው በመሠረታዊው ድግግሞሽ፣ ሌላው በሦስት እጥፍ ፍጥነት ይወዛወዛል። ቁመታቸውን A እና B እንበል።

x = A sin(ωt) + B sin(3ωt)

ይህን በራሱ ስናባዛ ሦስት ነገር ይወጣል፦

x² = A² sin²(ωt) + B² sin²(3ωt) + 2AB sin(ωt) sin(3ωt)

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀላል ናቸው። የሳይን ስኩዌርና የኮሳይን ስኩዌር ሲደመሩ ሁልጊዜ 1 ይሆናሉ። ኮሳይን ደግሞ ያው ሳይን ነው፤ ሩብ ዙር ቀድሞ ይጀምራል እንጂ ቅርፁ አንድ ነው። ስለዚህ በሙሉ ዙር ላይ የሁለቱ ስኩዌሮች አማካይ እኩል ነው፤ ድምራቸው 1 ከሆነ እያንዳንዳቸው ግማሽ ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው A²/2፣ ሁለተኛው B²/2 ይሰጣል።

ችግር ሊፈጥር የሚችለው ሦስተኛው፣ ሁለቱን ሞገዶች ያዛነቀው ብዜት ነው። እሱ ካልጠፋ ኢነርጂውን የአንደኛው ወይም የሌላው ብለን ልናካፍለው አንችልም። እዚህ ላይ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምናውቀው የትሪጎኖሜትሪ ሕግ ይደርስልናል፦

2 sin(ωt) sin(3ωt) = cos(2ωt) − cos(4ωt)

በቀኝ በኩል ያሉት ሁለቱ ኮሳይኖች በአንድ ዙር ውስጥ አንዱ ሁለቴ፣ ሌላው አራቴ ሙሉ ለሙሉ ይዞራሉ። ሙሉ ዙር የዞረ ኮሳይን ከዜሮ በላይ የወጣውን ያህል ከዜሮ በታች ስለሚወርድ አማካዩ ዜሮ ነው። ያ ሁሉ የተዛነቀ ብዜት በዙሩ መጨረሻ ምንም ሳያስቀር ይጠፋል። በየቅጽበቱ ግን አለ፦ አንዳንዴ ይጨምራል፣ አንዳንዴ ይቀንሳል። የሚጠፋው ዙሩ ሲዘጋ ብቻ ነው። ለኔ የዚህ ሕግ ልብ እዚህ ላይ ነው።

በ1 እና በ3 ፈንታ ሌሎች ሁለት የተለያዩ ሙሉ ቁጥሮች ብንወስድም ውጤቱ አንድ ነው፤ የቀኝ እጁ የቁጥሮቹን ልዩነትና ድምር ይይዛል፣ ሁለቱም ሙሉ ዙር ይዞራሉ። ሳይንና ኮሳይን ተዛንቀው ሲመጡም ብዜታቸው እንዲሁ ይጠፋል። ስለዚህ ሞገዱ የቱንም ያህል ብዙ ሳይኖች ቢይዝ የሚከተለው ይጸናል፦

አማካይ x² = ½ (b₁² + b₂² + b₃² + …)

እዚህ b₁፣ b₂፣ b₃ የየድግግሞሹ ሳይን ቁመቶች ናቸው። ኮሳይኖች ካሉ የነሱም ቁመት ስኩዌር እዚያው ግማሹ ይጨመራል። ከዜሮ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ የቆመ ቋሚ ቮልቴጅ ካለ ግን ስኩዌሩ ሳይገመስ ሙሉው ነው የሚደመረው።

ሁለቱ ሞገዶች አንድ ዓይነት ድግግሞሽ ቢኖራቸው ማረጋገጫው ይፈርሳል። ልዩነታቸው ዜሮ ስለሚሆን የመጀመሪያው ኮሳይን ወደ 1 ይለወጣል፤ ያም አማካዩ ዜሮ አይደለም። ሁለት ባለ 100 ቮልት ሞገዶች በተመሳሳይ ድግግሞሽ እኩል ከፍ ዝቅ እያሉ ሲደመሩ 200 ቮልት ይሆናሉ፤ ማሞቂያው ላይም የአንዱን አራት እጥፍ ኃይል ይሰጣሉ። አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ድምራቸው ዜሮ ነው። ድግግሞሻቸው ሲለያይ ግን ኃይላቸው ሁልጊዜ እንደ ብር ይደመራል። ይህን ልዩነት የዘነጋ ሰው ሂሳቡ በምንም መንገድ አይገጥምለትም።

የማይደጋገም ሞገድም፣ ለምሳሌ አንዴ ተመትቶ የሚጠፋ የከበሮ ድምፅ፣ ያው ሕግ አለው። የድግግሞሾቹ መካከል ያለው ክፍተት ጠቦ ጠቦ ይጠፋና ድምሩ ኢንቲግራል ይሆናል። ለዚህ ዓይነቱ ሞገድ ሕጉን በጽኑ መሠረት ላይ ያቆመው ስዊዘርላንዳዊው ሚሼል ፕላንሽሬል በ1910 ነው። እኛ ግን ወደ ኢንቨርተሩ እንመለስ።

ካሬው ሞገድ በአንድ ግማሽ ዙር ላይ +220፣ በሌላው ላይ −220 ቮልት ነው እንበል። የተሰካው ውሃ ማፍያ 48.4 ኦም ሬዚስታንስ አለው። በጊዜ በኩል ያለው ሂሳብ አንድ መስመር ነው። ቮልቴጁ ሁልጊዜ ወይ +220 ወይ −220 ስለሆነ ስኩዌሩ ሁልጊዜ 48,400 ነው። ለ48.4 ሲካፈል 1,000 ዋት ይወጣል፤ በ20 ሚሊሰከንድ ሲባዛ 20 ጁል በየዙሩ። ንጹሕ ሳይን ሞገድ በ220 ቮልት የሚሰጠውም ይኸንኑ ነው። ውሃ ማፍያው ልዩነት የማያውቀው ለዚህ ነው፤ እሱ የሚፈልገው ስኩዌሩን ብቻ ነው።

በድግግሞሽ በኩል ለመቁጠር የየሳይኑን ቁመት ማወቅ ይፈልጋል። የሚገርመው፣ ቁመቱን የሚያወጣልን ያው የመጥፋት ሕግ ነው። ሞገዱን በምንፈልገው ሳይን አባዝተን የዙሩን አማካይ ብንወስድ ሌሎቹ ሳይኖች ሁሉ ይጠፋሉ፤ የሚቀረው የምንፈልገው ሳይን ቁመት ግማሽ ብቻ ነው። እንግዲህ አማካዩን በሁለት ማባዛት ብቻ ይበቃል።

ለመሠረታዊው 50 ኸርዝ እንሞክር። በመጀመሪያው ግማሽ ዙር ካሬው +220 ነው፣ ሳይኑም አንድ ወደ ላይ ያበጠ ኩርባ ነው። የአንዲት የሳይን ኩርባ አማካይ ቁመት 2/π ማለትም 0.637 ገደማ ነው። በሁለተኛው ግማሽ ሁለቱም ስለሚገለበጡ ብዜታቸው ያው ነው። ስለዚህ የብዜቱ አማካይ 220 × 2/π፣ የሳይኑ ቁመት ደግሞ የዚህ እጥፍ ነው፦

b₁ = 4 × 220 / π ≈ 280 ቮልት

ለሁለት እጥፍ ድግግሞሽ፣ ለ100 ኸርዝ፣ በግማሹ ዙር ውስጥ አንድ ወደ ላይ አንድ ወደ ታች ያበጡ ኩርባዎች ይገባሉ፤ ተጣጥተው ዜሮ ይሆናሉ። ለ150 ኸርዝ ሦስት ኩርባ ይገባል፤ ሁለቱ ተጣጥተው ከሦስቱ አንዱ ይቀራል። ስለዚህ ቁመቱ የመሠረታዊው አንድ ሦስተኛ ነው። ለ250 ኸርዝ አንድ አምስተኛ፣ ለ350 አንድ ሰባተኛ፤ ሙሉ ተካፋይ የሆኑት ሁሉ ዜሮ፣ ጎዶሎዎቹ በየራሳቸው ቁጥር የተካፈሉ። እነዚህን የመሠረታዊው ብዜት የሆኑ ሞገዶች መሐንዲሶች ሃርሞኒክ ይሏቸዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠራጠር ይገባዋል። ሙሉው ሞገድ ከ220 አያልፍም፤ ከውስጡ የወጣው አንድ ክፋይ ግን 280 ይደርሳል። ክፋይ ከሙሉው እንዴት ይበልጣል? ጫፉ ላይ ብቻ ነው የሚበልጠው። በኩርባው መሐል ሌሎቹ ሃርሞኒኮች ተደምረው ወደ ታች ይጎትቱታል፤ ዳር ዳር ላይ ደግሞ ወደ ላይ ያነሱታል። ኢነርጂው ግን አልበለጠም፦ የ280.1 ስኩዌር ግማሽ 39,230 ገደማ ነው፣ ይህም ከ48,400 ያንሳል።

ለ48.4 ኦም ስናካፍለው የ50 ኸርዙ ድርሻ 810.6 ዋት ይሆናል። የሦስተኛው ሃርሞኒክ ቁመት ሲሶ ስለሆነ ኃይሉ አንድ ዘጠነኛ ነው፦ 90.1 ዋት። አምስተኛው 32.4፣ ሰባተኛው 16.5፣ ዘጠነኛው 10.0 ዋት ይሰጣሉ። አምስቱን ስንደምር 959.6 ዋት ደረስን፤ ወደ 40 ዋት የሚሆነው ገና ከ550 ኸርዝ ጀምሮ ወደ ላይ ባሉት ማለቂያ በሌላቸው ሃርሞኒኮች ላይ ተበታትኖ ይገኛል። ኢነርጂው ከጊዜው ሂሳብ አንዲት ጁል አልጎደለበትም፤ ቦታውን ነው የለወጠው።

ግን ያ ተበታትኗል ያልነው 40 ዋት በእርግጥ እዚያ መኖሩን በምን እናውቃለን? ሁለቱ ሂሳቦች እኩል እንዲሆኑ 810.6ን በ 1 + 1/9 + 1/25 + 1/49 + … ስናባዛ 1,000 መውጣት አለበት። 810.6 ዋት የመጣው ከ 1,000 × 8/π² ስለሆነ፣ የክፍልፋዮቹ ድምር π²/8 ማለትም 1.2337 ገደማ መሆን ይኖርበታል። ሌዮንሃርድ ኦይለር ፓርስቫል ከመወለዱ ከ20 ዓመት በፊት፣ በ1735፣ በሌላ መንገድ ደርሶበት ነበር፤ የሁሉም ሙሉ ቁጥሮች ስኩዌር ግልባጭ ሲደመር π²/6 እንደሆነ አሳይቷል። ከዚያ ውስጥ ሙሉ ተካፋዮቹ የያዙት ሩቡን ነው፤ ለጎዶሎዎቹ ሦስት አራተኛው ይቀራል፣ እሱም ልክ π²/8 ነው። ኦይለር ስለ ኢንቨርተር ቀርቶ ስለ ኤሌክትሪክ ሳያስብ የሠራው ድምር የኛን ማሞቂያ ሂሳብ ሳንቲም ሳያጎድል ዘጋው።

ስለዚህ የካሬው ሞገድ 81 በመቶ ብቻ በ50 ኸርዝ ላይ ነው፤ 19 በመቶው ለሞተር በማይጠቅም ድግግሞሽ ላይ ተቀምጧል። ሻጮች ይህን ስለሚያውቁ በገበያ ላይ ተሻሻለ የተባለ ሳይን የሚሉት ዓይነት አለ። በአዎንታዊውና በአሉታዊው ደረጃ መካከል ጥቂት ዜሮ ላይ ያርፋል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው አሠራር ጫፉን ከንጹሕ ሳይን ጫፍ ጋር እኩል ማድረግ ነው፤ ለ220 ቮልት ያ 311 ቮልት ነው። ጫፉ 311 ከሆነ ስኩዌሩ የ48,400 እጥፍ ስለሚሆን፣ አማካዩ ልክ እንዲመጣ ግማሹን ጊዜ ዜሮ ላይ ማረፍ አለበት። ጫፉም ልክ፣ የሙቀት ዋጋውም ልክ። በሁለቱም መለኪያ ከሳይን ጋር እኩል ስለሆነ ቅርፁም የቀረበ ይመስላል።

ሂሳቡን ስንሠራ ግን ሌላ ነገር ይገለጣል። በግማሽ ዙሩ ውስጥ ቮልቴጁ የሚሠራበትን ክፍል d ካልነው፣ የየሃርሞኒኩ ቁመት ከሙሉው ካሬ ቁመት አንጻር በ sin(ndπ/2) ይባዛል፤ አጠቃላዩ ኃይል ደግሞ በ d ይባዛል። ስለዚህ የመሠረታዊው ድርሻ፦

ድርሻ = (8/π²) × sin²(dπ/2) / d

d ግማሽ ሲሆን የ45 ዲግሪ ሳይን ስኩዌር ግማሽ ነው፤ ግማሽ ለግማሽ ሲካፈል 1። ድርሻው ያው 81 በመቶ ሆኖ ቁጭ አለ። ለሌሎቹ ጎዶሎ ሃርሞኒኮችም ስኩዌሩ ሁልጊዜ ግማሽ ስለሚወጣ የኢነርጂው ክፍፍል ከተራው ካሬ ሞገድ በምንም አይለይም። በስክሪን ላይ ለዓይን ሳይን የቀረበው ሞገድ በድግግሞሽ በኩል ስንቆጥረው ከካሬው አንዲት ዋት አላሻሻለም። ይህን በጊዜ በኩል ብቻ እያየ ማንም ሊገምት አይችልም ብዬ አምናለሁ፤ እኔ በበኩሌ ይህን ሕግ ማወቅ ከሚያስገኛቸው ጥቅሞች ትልቁ አድርጌ የማየው ይህን ነው።

ማረፊያው ባጠረ ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። d ሁለት ሦስተኛ ሲሆን የ60 ዲግሪ ሳይን ስኩዌር ሦስት አራተኛ ነው፤ ለሁለት ሦስተኛ ሲካፈል 1.125፣ ድርሻውም 91.2 በመቶ ይሆናል። ምክንያቱም በዚህ ስፋት ሦስተኛው ሃርሞኒክ፣ ትልቁ አባካኝ፣ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ የ180 ዲግሪ ሳይን ዜሮ ነውና። ለዚያው 1,000 ዋት ማሞቂያ 50 ኸርዙ 912 ዋት ይይዛል፣ አምስተኛው 36.5፣ ሰባተኛው 18.6። ጫፉ ግን 269 ቮልት ላይ ይቀራል፣ ይህም ከጫፉ ላይ ለሚመገቡ የቻርጀር ዓይነት ዕቃዎች ያንሳል። d ወደ 0.74 ሲጠጋ ድርሻው 92.3 በመቶ ይደርሳል፤ በዚህ በሦስት ደረጃ ብቻ በሚሠራ ቅርፅ ከዚያ በላይ አይሄድም።

ነገሩን ቤት ውስጥ ባለ ሜትር ለማየት የሚሞክር ሰው ወጥመድ ይጠብቀዋል። ርካሽ ዲጂታል ሜትር ስኩዌሩን አይለካም። የቮልቴጁን ተራ አማካይ፣ አሉታዊውን ገልብጦ፣ ይወስድና በ1.11 ያባዛዋል፤ ይህ ቁጥር ትክክል የሚሆነው ለሳይን ብቻ ነው። ባለ ±220 ካሬ ሞገድ ላይ 244 ያሳያል። ግማሹን ጊዜ ዜሮ በሚያርፈው ባለ 311 ሞገድ ላይ ደግሞ አማካዩ 155.6 ስለሆነ 173 ገደማ ያነባል። ባለቤቱ ኢንቨርተሩ ተበላሸ ብሎ ይደመድማል፤ ውሃ ማፍያው ግን ሙሉ 1,000 ዋቱን እያገኘ ነው። ሜትሩ ላይ True RMS የሚል ጽሑፍ ካለ ስኩዌሩን የሚለካ ነው፤ ሁለቱንም 220 ብሎ ያነባል። በአንድ ሶኬት ላይ ሁለቱ ዓይነት ሜትሮች የተለያየ ቁጥር ካሳዩ፣ መስመሩ ላይ ያለው ሞገድ ንጹሕ ሳይን አይደለም ማለት ነው። ሃርሞኒክ መኖሩን ለማወቅ ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም።

ሞገዱን በኮምፒውተር የሚበትኑ ተማሪዎችም ሂሳቡ ሳይገጥማቸው ሲቀር ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቦታ አንዱ ላይ ነው። ወይ ከላይ ያለውን ግማሽ ረስተዋል፤ ያኔ ድምሩ እጥፍ ይወጣል። ወይ ደግሞ FFT የሚሰጠውን ውጤት በናሙናዎቹ ብዛት አላካፈሉም፤ ያኔ የስኩዌሮቹ ድምር ከትክክለኛው በናሙናዎቹ ብዛት እጥፍ ይበልጣል። የጊዜው ድምር በቀላሉ የሚገኝ ስለሆነ፣ የድግግሞሹን ሥራ ከማመን በፊት ሁለቱን ማስተያየት ይገባል።

ሕጉ የማይናገረውም ነገር አለ። ኢነርጂው ቀስ በቀስ ተሰብስቦ ሙሉ ሆነ ማለት የሞገዱ ቅርፅ በየነጥቡ ተመለሰ ማለት አይደለም። የካሬውን ሃርሞኒኮች እየጨመርን ብንሄድ የጎደለው ዋት ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ማዕዘኑ ላይ ግን ከ220 አልፎ እስከ 259 ቮልት የምትነሳ ቀጭን ጫፍ አትጠፋም። አሜሪካዊው ጆሳያ ዊላርድ ጊብስ በ1899 ያብራራው ይህ ጫፍ ሃርሞኒክ በጨመርን ቁጥር ቁመቱ አይቀንስም፤ ስፋቱ ነው የሚጠብበው። ስለጠበበም የሚይዘው ኢነርጂ ወደ ባዶ ይሄዳል። የስኩዌር ሂሳብ በቂ ጊዜ ያልቆየን ነገር አያይም፤ በዚያች ቅጽበት የሚበሳ ስስ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ግን ያየዋል።

ለፍሪጁም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 19 በመቶ ያልነው የቮልቴጁ ስኩዌር ድርሻ ነው፤ በተራ ማሞቂያ ላይ የዋቱም ድርሻ ይኸው ነው። ሞተር ግን ጥቅል ሽቦ ስለሆነ ድግግሞሹ በጨመረ ቁጥር ኤሌክትሪኩን ይከለክላል። ንጹሕ ጥቅል ሽቦ ቢሆን የሦስተኛው ሃርሞኒክ ከረንት ከመሠረታዊው አንጻር ሲሶው ሲሶ፣ አንድ ዘጠነኛ ብቻ ይሆን ነበር፤ የከረንቱ ስኩዌር 98.6 በመቶ በ50 ኸርዝ ላይ ይቀር ነበር። እውነተኛው የፍሪጅ ሞተር በሁለቱ መካከል ነው። ሲዞር ለ50 ኸርዙ ራሱ የሚመልሰው ተቃራኒ ቮልቴጅ አለ፤ ለሃርሞኒኮቹ ግን ያን ያህል የሚመክት ነገር የለውም፤ ስለዚህ ከንጹሕ ጥቅል ሽቦ የበለጠ ይገቡበታል። ከገቡ በኋላ ሞተሩን ወደፊት የሚያዞር ጠቃሚ ጉልበት ሳይሰጡ ሽቦውንና ብረቱን ያሞቃሉ፤ እዝዝታውም ከነሱ ነው።

ኢንቨርተር ገዥ በወረቀቱ ላይ THD የሚል ቁጥር ካገኘ ከዚህ ሁሉ ሂሳብ አብዛኛው ተሠርቶለታል። ቁጥሩ የሃርሞኒኮቹ ውጤታማ ቮልቴጅ ከመሠረታዊው ጋር ሲነጻጸር ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። ወደ ኢነርጂ ለመለወጥ በፓርስቫል ሕግ ቁጥሩን ስኩዌር አድርጎ 1 መጨመርና 1ን ለዚያ ማካፈል ነው። የካሬው ሞገድ THD 48.3 በመቶ ነው፤ የ0.483 ስኩዌር 0.233፣ 1 ለ1.233 ሲካፈል ያው 0.81። ባለ ሁለት ሦስተኛው 31.1 በመቶ ይዞ 0.912 ይሰጣል። ንጹሕ ሳይን ተብሎ የሚሸጠውና THD ከ3 በመቶ በታች የተጻፈበት ኢንቨርተር ደግሞ 0.9991 ይሰጣል፤ ከ1,000 ዋት ውስጥ ከ50 ኸርዝ ውጭ የሚሄደው አንድ ዋት አይሞላም።